የተገጠመ የሚመስለው ማዕዘን

ሁለት የብረት ፕሌቶች ፊት ለፊት ገጥመው በአራት ብሎን ሊታሰሩ ነው። አንዱ ከኮለኑ ጋር ተበይዷል፤ ሌላው ከቢሙ ጫፍ ጋር። ሦስቱ ብሎኖች ገብተው አራተኛው ቀዳዳው አፍ ላይ ይቆማል። ሠራተኛው ሦስቱን ያላላል፣ ቢሙን ትንሽ ያነሳል፣ ዝቅ ያደርጋል፣ በመዶሻ ይሞክራል፤ አይገባም። በመጨረሻ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ሥራው ያልቃል፤ ነገር ግን ብሎኑ አሁን የተቀመጠው ከሚገባው በላይ በሰፋ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ቢሙ ሲጫን ሦስቱ ብሎኖች ሸክሙን ሲቀበሉ አራተኛው የብረቱን ግድግዳ ሳይነካ ሊቆይ ይችላል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብረቱን የቆረጠው ሰው ነው፤ ቀጥሎ ማሽኑ። የታተመው ንድፍ ሲታይማ እንከን የለውም። ቀዳዳዎቹ ትይዩ ናቸው፣ ማዕዘኖቹ ተገጥመዋል፣ ልኩም ተጽፏል። ብዙ ጊዜ ግን ስህተቱ የተፈጠረው ከዚህ ሁሉ ቀድሞ ነው፤ ነዳፊው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ «እዚህ ጋ ነው» ብሎ በዓይኑ ገምቶ ማውዙን ሲጫን።

በአውቶካድ የተሳለ መስመር ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው በስዕል መልክ አይደለም። የሚቀመጡት የሁለቱ ጫፎቹ ቁጥሮች ናቸው፤ ከመነሻው ነጥብ ወደ ጎን ስንት፣ ወደ ላይ ስንት። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ቁጥር እስከ 15 አኃዝ ድረስ በትክክል ይይዛል። ስክሪኑ ላይ የምናየው እነዚህ ቁጥሮች በፒክስል፣ ማለትም ስክሪኑን በሚሞሉት ጥቃቅን ነጥቦች፣ ተሥለው ነው። አንድ ፒክስል ከራሱ ያነሰ ነገር ለይቶ ማሳየት አይችልም። እንግዲህ የሁለት መስመሮች ጫፎች አንድ ፒክስል ላይ ካረፉ፣ በፋይሉ ውስጥ የቱንም ያህል ቢራራቁ፣ ለዓይን ተገጥመዋል።

ርቀቱ ስንት ሊሆን እንደሚችል ማስላት ቀላል ነው። ስፋቱ 1920 ፒክስል በሆነ ተራ ስክሪን ላይ 6 ሜትር ርዝመት ያለው ቢም ከዳር እስከ ዳር ቢታይ፣ 6000 ሚሊ ሜትር ለ1920 ሲካፈል አንዷ ፒክስል 3.1 ሚሊ ሜትር ያህል ትሆናለች። 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ብሎን የሚበሳው ቀዳዳ በተለምዶ 22 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ ቀዳዳ በዚህ ስክሪን ላይ የሰባት ፒክስል ክብ ሆኖ ይታያል። መሃሉን በዓይን ፈልጎ የሚጫን ሰው በአንዲት ፒክስል ብቻ ቢስት፣ ቀዳዳው በ3.1 ሚሊ ሜትር ተዛውሯል። ሁለቱ ፕሌቶች ሲገጣጠሙ የቀዳዳዎቹ መተላለፊያ ከ22 ላይ 3.1 ተቀንሶ 18.9 ሚሊ ሜትር ይቀራል። የ20 ሚሊ ሜትር ብሎን እዚያ ውስጥ የሚያልፍበት መንገድ የለም።

«ታዲያ ቀረብ አድርጎ ማየት ነዋ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ብዙዎች የሚሠሩትም እንደዚያ ነው። ፕሌቱን ብቻ አጉልተን 400 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ቦታ 1000 ፒክስል ላይ ቢዘረጋ፣ አንዷ ፒክስል 0.4 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። በጥንቃቄ የሚሠራ እጅም በሁለት በሦስት ፒክስል መሳቱ የተለመደ ነው፤ በሦስት ቢስት 1.2 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የአንዱ ፕሌት ቀዳዳ ወደ ግራ፣ የሌላው ወደ ቀኝ ቢስት ልዩነቱ 2.4 ይደርሳል፤ መተላለፊያው 19.6 ይሆናል። አሁንም ብሎኑ አይገባም። ከዚህም በላይ ማጉላት ይቻላል፤ ስህተቱ ያንሳል እንጂ አይጠፋም። ፋይሉ የሚይዘው ቁጥር ከማንኛውም ማጉላት በታች የሚቀጥል ስለሆነ፣ በዓይን የተገጠመ ማዕዘን ዜሮ ክፍተት ላይ ሊደርስ የሚችለው በአጋጣሚ ብቻ ነው።

በወረቀት ዘመን ይህ ችግር ለምን አልነበረም? ነበረ፤ ግን ጉዳት አያደርስም ነበር። በ1 ለ10 መጠን የተሳለ ፕሌት ላይ 3.1 ሚሊ ሜትር ስህተት በወረቀቱ ላይ 0.31 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ0.35 የቀለም ብዕር አንድ ጊዜ ሲሰመር ይሸፍነዋል። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ብረት ሠሪው ስዕሉን በማስመሪያ ለክቶ አይሠራም ነበር፤ የሚያነበው ስዕሉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ነው። «ከጠርዙ 50» ካለ በሜትሩ 50 ለክቶ ብረቱ ላይ ይጭራል። ስዕሉ ትንሽ ቢዛባ የተጻፈው ቁጥር ያርመዋል። ዛሬ ፋይሉ በቀጥታ ወደ ፕላዝማ መቁረጫ ማሽን ሲላክ ያ አራሚ ሰው መሃል ላይ የለም። ማሽኑ የተጻፈውን ልክ አያነብም፤ የመስመሮቹን የተደበቁ ቁጥሮች አንብቦ በዚያው ይቆርጣል።

ኦብጀክት ስናፕ፣ በነዳፊዎች አጠራር ኦስናፕ፣ የተሠራው ለዚህ ነው። ጠቋሚው አንድ የታወቀ ነጥብ አጠገብ በጥቂት ፒክስል ርቀት ሲደርስ ሶፍትዌሩ እጃችን ያለበትን ቦታ ይተወውና፣ አስቀድሞ በፋይሉ ውስጥ ያለውን ወይም ከዚያ የሚሰላውን ቁጥር ይወስዳል። ግንበኛ ክሩን ከምስማሩ ላይ ያስራል እንጂ ከምስማሩ አጠገብ እንደማያስር ማለት ነው። ብዙ ጀማሪዎች ኦስናፕን የእጅ መንቀጥቀጥ ማረሚያ አድርገው ስለሚያዩት፣ ተጠንቅቄ ከሠራሁ ባልጠቀምበትም ይሆናል ይላሉ። ጥንቃቄ እዚህ ምንም አይፈይድም። ኦስናፕ ሲሠራ እጅ የሚያደርገው የትኛው ነጥብ እንደሚፈለግ ማመልከት ብቻ ነው፤ ልኩን የሚሰጠው ቀድሞ የተመዘገበው ቁጥር ነው።

ሐሳቡ ከአውቶካድ ይቀድማል። አውቶካድ ለገበያ የቀረበው በ1982 ሲሆን፣ ኢቫን ሰዘርላንድ የተባለው ተመራማሪ ግን በ1963 በአሜሪካው ኤምአይቲ ባቀረበው የዶክትሬት ሥራ ስኬችፓድ የተባለ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። በብርሃን ብዕር ስክሪን ላይ ሲሳል፣ ብዕሩ ወደ ነባር ነጥብ ወይም መስመር ከተጠጋ ፕሮግራሙ የብዕሩን ቦታ ትቶ በትክክል ነጥቡ ላይ ያርፍ ነበር። በኮምፒውተር መሳል ሲጀመር ጀምሮ እጅ ብቻውን እንደማይበቃ ታውቆ ነበር ማለት ነው።

አሁን ያንኑ ፕሌት ከመጀመሪያው እንሥራው። ስፋቱ 200፣ ቁመቱ 300 ሚሊ ሜትር ነው፤ አራት ቀዳዳዎች አሉት፤ የእያንዳንዱ መሃል ከሁለቱ ቅርብ ጠርዞች 50 ሚሊ ሜትር ይርቃል። ዙሪያውን የምንሰጠው በቁጥር ነው፤ እንደሚከተለው ይጻፋል።

```
LINE
0,0
@200,0
@0,300
@-200,0
C
```

የመጨረሻዋ `C` መስመሩን ወደ ተነሳበት ነጥብ ትመልሰዋለች። አራተኛውን ማዕዘን በማውዝ ለመግጠም የሚሞክር ሰው ክፍተት የሚፈጥረው በአብዛኛው እዚህ ጋ ነው። በማውዝ መመለስ ካስፈለገ ደግሞ ኤንድፖይንት የሚባለው ስናፕ አለ። ወደ መጀመሪያው መስመር ጫፍ ስንጠጋ ትንሽ አራት ማዕዘን ምልክት ይወጣል፤ ያን አይቶ መጫን የመነሻውን 0,0 ምንም ሳይጨምር ሳይቀንስ ይወስዳል።

ለቀዳዳዎቹ ከአራቱም ጠርዞች ወደ ውስጥ 50 እየለካን በ`OFFSET` ትእዛዝ አራት ረዳት መስመሮች እናወጣለን። መስመሮቹ አራት ቦታ ይቋረጣሉ፤ የቀዳዳዎቹ መሃል የሚሆኑት እነዚያ መቋረጫዎች ናቸው። ኢንተርሴክሽን የሚያስፈልገው እዚህ ነው። መቋረጫው በየትኛውም መስመር ላይ የተመዘገበ ነጥብ አይደለም፤ ሶፍትዌሩ ከሁለቱ መስመሮች ቁጥር አስልቶ ያገኘዋል፤ ምልክቱም ኤክስ ነው። `CIRCLE` ብለን፣ `INT` ጽፈን፣ መቋረጫውን አመልክተን 11 ሬዲየስ እንሰጣለን። ወይም አንዱን ክብ ከሠራን በኋላ የታችኛውን ጠርዝ ሚድፖይንት ከላይኛው ሚድፖይንት ጋር አገናኝተን፣ በዚያ የመሃል መስመር ላይ በ`MIRROR` ወደ ሌላኛው ጎን እንገለብጠዋለን። የሚድፖይንት ምልክት ሦስት ማዕዘን ነው። ግማሹን ማንም በዓይኑ አይገምትም፤ ከሁለቱ ጫፎች ቁጥር ይሰላል።

ሴንተር የሚባለው ስናፕ ፕሌቱን ከቢሙ ጋር ስንገጥም ያስፈልጋል። `MOVE` ብለን የፕሌቱን አንድ ቀዳዳ መሃል ይዘን ኮለኑ ላይ ባለው ፕሌት የሚዛመደው ቀዳዳ መሃል ላይ እናስቀምጠዋለን። ጀማሪዎች የሚቸገሩበት አንድ ነገር አለ፤ መሃሉን በባዶው ቦታ ይፈልጉታል። መጀመሪያ ጠቋሚውን የክቡን ዙሪያ ማስነካት ይሻላል፤ ሶፍትዌሩ የትኛውን ክብ እንደምንፈልግ የሚያውቀው ከዙሪያው ነው፤ ያኔ መሃሉ ላይ ትንሽ ክብ ምልክት ይወጣል። አንዱ ቀዳዳ ከተገጠመ በኋላ ሌሎቹ ሦስቱ ያለ ምንም ነካካት መግጠም አለባቸው። ይህ ጥሩ ፈተና ነው። `DIST` ብለን ከአንዱ ሴንተር ወደ ሌላው ሴንተር ስንለካ መልሱ ዜሮ ካልሆነ፣ ከሁለቱ ፕሌቶች በአንዱ ላይ በዓይን የተሠራ ነገር አለ።

አራቱን ስናፖች አንድ ጊዜ `OSNAP` ብሎ ከሚከፈተው ሠንጠረዥ መርጦ ክፍት መተው ይቻላል፤ `F3` ያበራቸዋል ያጠፋቸዋል። እዚህ ላይ ግን ልምድ ያላቸውንም የሚያሳስት ነገር አለ። ስናፕ በርቶ እያለ ጠቋሚው አጠገብ የሚያዝ ነጥብ ካላገኘ ሶፍትዌሩ አይቃወምም፤ ዝም ብሎ እጃችን ያለበትን ቦታ ይቀበላል። ምልክቱ ሳይወጣ የተጫነ ክሊክ በዓይን ከመገመት በምንም አይለይም፤ የከፋው ነገር ነዳፊው «ኦስናፕ በርቷል» ብሎ ልቡን መጣሉ ነው። ለወሳኝ ነጥብ `END` ወይም `CEN` ብሎ ጽፎ መጫን የሚሻለው ለዚህ ነው። ስሙ ተጽፎ የተጠየቀ ስናፕ ነጥቡን ካጣ ክሊኩን አይቀበልም።

ሁለተኛው ወጥመድ የተሳሳተ ነጥብ በትክክል መያዝ ነው። ከፕሌቱ ጠርዝ 6 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ የብየዳው መስመር ቢኖር፣ ርቆ በሚታይ ስዕል ላይ የሁለቱ ማዕዘን አንድ ቦታ ይመስላል። ስናፑ የብየዳውን ማዕዘን ሊይዝ ይችላል። ይህ ከተራ ክፍተት ይብሳል፤ ምክንያቱም ሁሉም ነገር ተገጥሞ ይታያል፣ ቁጥሩም ንጹሕ ነው፣ ግን 6 ሚሊ ሜትር ተዛብቷል። ነጥቦች በተጨናነቁበት ቦታ አጉልቶ መሥራት ያስፈልጋል፤ `TAB` ን በመጫንም ሶፍትዌሩ በአቅራቢያው ያሉትን ነጥቦች በየተራ እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል። ኒረስት የተባለውን ስናፕ ደግሞ ሁልጊዜ አብርቶ መተውን አልመክርም። መስመሩ ላይ ባገኘው ቦታ ያርፋል፤ ምልክት ስለሚያወጣም ትክክለኛ ማዕዘን የያዝን ያስመስላል።

የሌላ ሰው ንድፍ ሲደርሰን የተደበቀውን ክፍተት እንዴት እናገኘዋለን? በማየት አይገኝም፤ በተጻፈው ልክ ላይም አይገኝም። የልኩ ጽሑፍ ራሱ ያጠጋጋል። ቁጥሩ ያለ ነጥብ እንዲታይ ከተደረገ 299.6 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠርዝ 300 ተብሎ ይጻፋል፤ ስህተቱን የሚያጋልጠው ጽሑፍ መሸሸጊያ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ `UNITS` ገብቶ ከነጥብ በኋላ የሚታየውን አኃዝ ወደ 8 ከፍ ማድረግ ነው። ከዚያ መስመሩን መርጦ `LIST` ማለት ነው። ጫፉ 200,0 መሆን ሲገባው 200.37,-0.21 የሚል ከወጣ፣ ማንም ሰው ይህን ቁጥር ጽፎ አያስገባም፤ በማውዝ ተገምቶ የተቀመጠ ነው።

ሌላው ዘዴ ሶፍትዌሩን ውስጡን እንዲሞላው መጠየቅ ነው። `HATCH` ብለን የፕሌቱን ውስጥ ስንነካ ዙሪያው ካልተዘጋ የተዘጋ ድንበር አላገኘሁም ይላል፤ በአዳዲሶቹ እትሞች ክፍተት አለባቸው ብሎ የጠረጠራቸውን ጫፎች በቀይ ክብ ያሳያል። ጥሩ ነው፣ ግን ሁሉንም አይይዝም። መስመሮቹ አጥረው ሳይሆን ረዝመው፣ አንዱ ሌላውን አልፎ ከተሻገረ መሙላቱ ይሳካል፤ ጫፎቹ ግን አሁንም አልተገናኙም። ለዚህ `PEDIT` ን ከፍቶ በ`Join` መስመሮቹን አንድ ላይ ለማያያዝ መሞከር የበለጠ ጥብቅ ነው። ጫፍ ከጫፍ ካልገጠመ አያያይዝም፤ ከተያያዙ ደግሞ በባሕርይ ሠንጠረዡ ላይ `Closed` የሚለው `Yes` መሆኑን ማየት ነው።

ክፍተቱ ሳይታረም ወደ ፕላዝማ ማሽኑ ቢሄድ ምን ይሆናል? የፕላዝማው ነበልባል ሲቆርጥ የራሱን ስፋት ብረት ይበላል፤ 2 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ፕሮግራሙ ዙሪያው የተዘጋ ቅርጽ ሲያገኝ ውስጥና ውጩን ለይቶ፣ የነበልባሉን መንገድ 1 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ለቀዳዳ ሲሆን ወደ ውስጥ። ያልተዘጋ መስመር ግን ውስጥም ውጭም የለውም። ብዙ ጊዜ ነበልባሉ በቀጥታ መስመሩ ላይ ይሄዳል፤ ፕሌቱም በየጎኑ 1 ሚሊ ሜትር እያነሰ 198 በ298 ሆኖ ይወጣል። ማዕዘኑ ላይ የነበረው ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ክፍተት የፕሌቱን መጠን ዙሪያውን ለወጠው ማለት ነው።

ክፍተትን ችላ የሚያስብሉ ማስተካከያዎች አሉ። `HPGAPTOL` የሚባለው በተነሳበት ዜሮ ነው፤ ቁጥሩን ከፍ ብናደርገው ሶፍትዌሩ እስከዚያ ድረስ ያለውን ክፍተት እንደተዘጋ ቆጥሮ ይሞላል። ለሕትመት ለሚፈለግ ስዕል ይጠቅም ይሆናል። ለብረት ሥራ ግን አልጠቀምበትም፤ ቀለሙ ይሞላል እንጂ መስመሮቹ እንደተራራቁ ይቀራሉ፣ ማስጠንቀቂያውም ይጠፋል።

ለእውነተኛ ጥገና `FILLET` ን በዜሮ ሬዲየስ መጠቀም ይቻላል። ሁለቱን መስመሮች ስንነካ ያጠረውን ያስረዝማል፣ የረዘመውን ይቆርጣል፣ ሁለቱንም ጫፍ አንድ ነጥብ ላይ ያሳርፋል። ነገር ግን ይህ የሚያድነው ማዕዘኑን ብቻ ነው። በዓይን የተሳለ መስመር አብዛኛውን ጊዜ ጫፉ ብቻ አይደለም የሚስተው፤ መስመሩ ራሱ ያዘነብላል። ከ0,0 ተነስቶ 200.37,-0.21 ላይ ያረፈ መስመር አግድም አይደለም። ጫፉን ብናገጣጥመውም ማዘንበሉ ይቀራል፤ ከእሱ በ`OFFSET` የወጡት ረዳት መስመሮች አብረው ያዘነብላሉ፣ የቀዳዳዎቹ መሃልም አብሮ ይዛወራል። ስለዚህ በ`LIST` ማዘንበል የታየበትን መስመር ከመጠገን ደምስሶ በቁጥርና በስናፕ እንደገና መሳል ይፈጥናል። የአንድ ፕሌት ዙሪያ አራት መስመር ብቻ ነው።

አንድ ዓይነት ክፍተት ግን ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው በየትኛውም ማጉላት አይታይም። ከመሬት ልኬታ ወይም ከሌላ ሶፍትዌር የመጣ ስዕል ላይ አንዳንድ መስመሮች ከፍታቸው ዜሮ አይሆንም። ከላይ ሲታዩ ሁለት መስመሮች ይቋረጣሉ፤ እውነቱ ግን አንዱ በሌላው በላይ ያልፋል። ኢንተርሴክሽን እንዲህ ያለውን መቋረጫ አይቀበልም፤ ጀማሪውም ስናፑ የተበላሸ ይመስለዋል። ኤንድፖይንት ደግሞ ጫፉን ከነከፍታው ይይዛል፣ አዲሱም መስመር ሳይታወቅ ዳገት ይሆናል። `DIST` ሲለካ `Delta Z` በሚለው ቦታ ከዜሮ ሌላ ቁጥር ከታየ ምክንያቱ ይኸው ነው። `OSNAPZ` ን 1 ማድረግ ከዚያ በኋላ የሚያዙ ነጥቦች ሁሉ በምንሠራበት ከፍታ ላይ እንዲያርፉ ያደርጋል፤ አስቀድመው የተሳሉትን ግን አይነካም፤ እነሱን መርጦ በባሕርይ ሠንጠረዡ ላይ `Start Z` እና `End Z` የሚሉትን ወደ 0 መመለስ ያስፈልጋል።